ሰባት ሰይፍ ሲወጣ፦ የታሮት ካርታና የትዳር ጥርጣሬ

ሰባት ሰይፍ ከ78ቱ የታሮት ካርታዎች አንዱ ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው አምስት ሰይፍ በስለቱ በኩል ታቅፎ፣ ኮቴው እንዳይሰማ በጣቱ እየረገጠ ከድንኳኖች መካከል ሲወጣ ይታያል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ፈገግ ብሏል። ሁለት ሰይፍ መሬት ላይ እንደተተከለ ትቶ ሄዷል። ስለ ባሏ ታማኝነት ልትጠይቅ የተቀመጠች ሴት ይህ ካርታ ሲገለጥ ልቧ ድንግጥ ይላል። ካርታ ገላጩም ብዙ ጊዜ «የሚደበቅ ነገር አለ» ይላል። እሷ «ሴት ናት?» ብላ ትጠይቃለች። እሱ ዝም ይላል፣ ወይም ሌላ ካርታ ይስባል። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ጥርጣሬ ይዛ የሄደችው ሴት እርግጠኛ ሆናለች።

በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ስለ ባልየው አንድም አዲስ ነገር አልታወቀም። ካርታው በደንብ ከተበወዘ ማንኛውም ካርታ የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው፤ ወረቀቱ ባልየው ማክሰኞ ማታ የት እንዳመሸ የሚያውቅበት መንገድ እስካሁን ማንም አላሳየም። እንዲህም ሆኖ ታሮትን ለዓመታት የሚያነቡ ጠንቃቃ ሰዎች ካርታውን አይጥሉትም። የሚጠቀሙበት ጠያቂዋ በልቧ የያዘችውን ነገር አውጥታ ጠረጴዛ ላይ እንድታየው ነው። ሥዕሉን ስታይ ምን እንደታያት ስለ እሷ ይናገራል። ስለ ባሏ ምስክር ሲደረግ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሰባት ሰይፍን ከክህደት ጋር ያጣበቀው ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ሥዕሉ መነሻ መመለስ ያስፈልጋል። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ የጨዋታ ካርታ ነበር፤ ለጥንቆላ መዋል የገነነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። አሁን በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ጥቅል ግን እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ በራይደር ማተሚያ ድርጅት የወጣው ነው። ዕቅዱ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሎቹ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ጥቅሎች ቁጥር የያዙት ትንንሽ ካርታዎች ታሪክ የሚናገር ሥዕል አልነበራቸውም። ሰባት ሰይፍ ማለት ተደርድረው የተሣሉ ሰባት ሰይፎች ብቻ ነበሩ። ሌባ የሚመስለውን ሰው የጨመረችው ስሚዝ ናት።

ዌይት ከካርታው ጋር ባወጣው ማብራሪያ ለሰባት ሰይፍ የሰጠው ትርጉም የሚያስገርም ነው፤ ዕቅድ፣ ሙከራ፣ ምኞት፣ ተስፋ፣ ምናልባትም የማይሳካ ውጥንና ጭቅጭቅ። ስለ ባልና ሚስት አንድም ቃል የለበትም። ሦስት ዋንጫ የበለጠ ያስደንቃል። ሦስት ወጣት ሴቶች በፍሬ መካከል ቆመው ዋንጫቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል፤ የዌይት ትርጉም ጥጋብ፣ ደስታና መልካም ፍጻሜ ነው። በዘመናችን የፍቅር ጥያቄ የሚያነቡ ሰዎች ግን ይህንኑ ካርታ «ሦስተኛ ሰው» ይሉታል። ምክንያቱ ሥዕሉ ላይ ሦስት ሴቶች መኖራቸው ብቻ ነው። የሰርግ ወይም የማኅበር ድግስ የሚመስለው ሥዕል እንዲህ የውሽማ ምልክት ሆነ።

ሦስት ሰይፍም እንደዚሁ ነው። ዝናብ በሚጥልበት ሰማይ ሥር ሦስት ሰይፍ የወጋው ቀይ ልብ ይታያል፤ ስሚዝ ሥዕሉን ያገኘችው ሶላ ቡስካ ከሚባለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ጥቅል ሳይሆን አይቀርም፤ ፎቶግራፎቹ በ1907 ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ነበርና። የዌይት ትርጉም መራራቅ፣ መዘግየት፣ መለያየት ነው። ባሏ ለሥራ ዱባይ ለሄደባት ሴት ይህ ካርታ ቢወጣ የሚነግራት አስቀድማ የምታውቀውን ነው፤ ባሏ ሩቅ ነው፣ እሷም ልቧ ተሰብሯል። «ከዳሽ» የሚለውን የሚጨምረው አንባቢው ነው። ለፍትሐዊነት ሲባል ጨረቃ የምትባለውን ካርታ ለይቶ ማንሣት ይገባል። ማታለልና ስውር ጠላት በዌይት ማብራሪያ ውስጥ በግልጽ ተጽፈውባታል። ነገር ግን ከእነሱ ጎን ስሕተትና ፍርሃትም አሉ። በሥዕሉ ላይ ውሻና ተኩላ ወደ ጨረቃ አንጋጠው ይጮኻሉ፤ ከውኃው ውስጥ የክሬይፊሽ ዓይነት ፍጥረት ብቅ ብሏል፤ ከሁለቱ ግንቦች መካከል የሚያልፈው መንገድ በደብዛዛ ብርሃን ይጠፋል። በዚያ ብርሃን ቁጥቋጦ ሰው መስሎ የሚታየው ማን ነው ቢባል መንገደኛው ራሱ ነው።

የትርጉሙ ለውጥ አንድ ነገር ነው፤ ካርታዎቹ ምን ያህል ደጋግመው እንደሚወጡ ደግሞ ሌላ። ብዙ ሰው ችላ የሚለው ይህንን ነው። አንድ አንባቢ ስለ ክህደት ሲጠየቅ እንደ መጥፎ ምልክት የሚቆጥራቸው ካርታዎች ስምንት ብቻ ናቸው እንበል፦ ሰባት ሰይፍ፣ ሦስት ሰይፍ፣ ዐሥር ሰይፍ፣ ሦስት ዋንጫ፣ አምስት ዋንጫ፣ የዋንጫ ፈረሰኛ፣ ጨረቃና ዲያብሎስ። ይህ እንዲያውም ቁጥብ ዝርዝር ነው። ከ78ቱ ሦስት ካርታ ሲሳብ ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ የመገኘት ዕድሉ 28 በመቶ ነው። አምስት ሲሳብ 43 በመቶ ይደርሳል። ኬልቲክ መስቀል በሚባለው የተለመደ የዐሥር ካርታ አዘረጋግ ግን 68 በመቶ ይሆናል። ማለትም ዐሥር ካርታ ከተዘረጋላቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ገደማ አንድ «የክህደት ካርታ» ያያሉ። ባሎቻቸው መነኩሴ ቢሆኑም ያዩታል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በደንብ መብራራት አለበት። ባላቸው ታማኝ የሆነ 100 ሴቶችና ባላቸው የሚማግጥ 100 ሴቶች እያንዳንዳቸው አምስት ካርታ ቢሳብላቸው በሁለቱም ወገን 43 የሚሆኑት መጥፎውን ካርታ ያያሉ። ምልክት የሚባል ነገር ምልክት የሚሆነው በአንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ሲበዛ ነው። ትኩሳት የሕመም ምልክት የሆነው የታመመ ሰው ከጤነኛው ይልቅ ስለሚያተኩሰው ነው። በሁለቱም እኩል የሚታይ ነገር ሲወጣም ሳይወጣም ጥርጣሬውን ከነበረበት አያነቃንቀውም። በዚህ ሒሳብ መሠረት ንጹሕ ካርታ የወጣላት ሴት ባሏ ታማኝ ነው ብላ የምታርፍበት ምክንያትም የላትም፤ ይህን ወገን አንባቢዎች እምብዛም አያነሡትም።

ችግሩን የሚያባብሰው ካርታውን ደግሞ መሳብ ነው። በታሮት አንባቢዎች ዘንድ አንድ ካርታ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር በላዩ ላይ ሌላ ካርታ «ለማብራሪያ» የመሳብ ልማድ አለ። የተጨነቀ ሰው እጅ ውስጥ ይህ ልማድ ማቆሚያ የለውም። ማታ አምስት ካርታ ስባ ምንም ያላገኘች ሴት ጠዋት ደግማ ትስባለች፣ ከሰዓት በኋላም ትደግማለች። ከሦስቱ ጊዜ ቢያንስ በአንዱ ከስምንቱ መጥፎ ካርታዎች አንዱ የመውጣት ዕድሉ 81 በመቶ ነው። ካርታው ሲወጣ ትቆማለች፤ የምትቆመውም የፈራችውን ስላገኘች ነው። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ሦስተኛውን ብቻ ነው፣ ሁለቱን «አልተረጋጋሁም ነበር» ብላ ትሰርዛቸዋለች። ስለዚህ ጠንቃቃ አንባቢዎች በአንድ ጉዳይ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይስባሉ፤ አዲስ ነገር በሕይወት ውስጥ ካልተከሰተ በቀር ደግመው አይነኩትም። በዐውደ ነገሥት ስሌት ይህ መደጋገም አይጠቅምም፤ የስምና የእናት ስም ፊደላት ተቆጥረው፣ በ12 ተገድፈው የሚገኘው ኮከብ ዛሬም ነገም ያው ነው። የካርታው ፈተና ለሚጠይቀው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ዕድል መስጠቱ ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ካርታው ከመበወዙ በፊት ጥያቄው ሲቀመር ነው። «ባሌ ሌላ ሴት ይዟል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚቀበል ነው። አዎ ወይም አይደለም ደግሞ ሥዕል የማይሰጠው መልስ ነው፤ ሥዕል ሺህ ነገር ይላል፣ ከሺሁ አንዱን የሚመርጠው ጠያቂው ነው። ከዚህም በላይ ጥያቄው በቦታው ስለሌለ ሰው ነው። ብዙ አንባቢዎች በቦታው የሌለና ያልፈቀደ ሰው ስለሚሠራው ነገር አናነብም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠረጴዛው ፊት የተቀመጠችውን ሴት ግን ማንበብ ይቻላል። ጥያቄው ወደ እሷ ሲዞር «ስለዚህ ጉዳይ በዓይኔ ያየሁት ምንድን ነው? እኔ የጨመርኩትስ?» ይሆናል።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ይብራራል። ሴትዮዋ ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል እንበል። ባሏ ከሁለት ወር ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣ የነበረው አራት ሰዓት ላይ መምጣት ጀምሯል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍቶ ያስቀምጣል። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎለት ወደ በረንዳ ወጥቶ አውርቷል። ስትጠይቀው «ሥራ ነው» ብሏታል። ገላጩ ካርታውን ከማውጣቱ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች በወረቀት ላይ እንድትጽፋቸው ያደርጋል፤ ያየችውን ብቻ፣ ያለ ትርጉም። «ከሴት ጋር አወራ» ተብሎ አይጻፍም፤ «በረንዳ ወጥቶ አወራ» ይጻፋል። ይህ ወረቀት በኋላ ዋና ዳኛ ይሆናል።

አዘረጋጉ አምስት ቦታ አለው። የመጀመሪያው ያየችውን፣ ሁለተኛው በላዩ የጨመረችውን፣ ሦስተኛው ፍርሃቷን፣ አራተኛው ያልጠየቀችውን፣ አምስተኛው ቀጣይ እርምጃዋን ይወክላል። የቦታው ስም ካርታው ከመገለጡ በፊት መወሰን አለበት። ካርታው ከወጣ በኋላ ቦታ የሚሰጠው ከሆነ ሰባት ሰይፍ የትም ቢወድቅ «ባልየው» ይሆናል።

በመጀመሪያው ቦታ ስምንት ሳንቲም ወጣ። አንድ ወጣት ሠራተኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመዶሻ ሳንቲም ይቀርጻል፤ ከተማዋ ከኋላው ራቅ ብላ ትታያለች። በሁለተኛው ሰባት ሰይፍ፣ በሦስተኛው ጨረቃ፣ በአራተኛው ሊቀ ካህናት የምትባለዋ ሴት በጭኗ ላይ የተጠቀለለ ጽሑፍ ይዛ፣ በአምስተኛው ሁለት ዋንጫ፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ዋንጫቸውን ይሰጣጣሉ።

ችኩል አንባቢ ይህን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ባልየው ሥራ ነው ይላል፣ ነገር ግን ሾልኮ ይወጣል፣ ጨረቃ ማታለል ናት፣ ሊቀ ካህናቷ ምስጢር የምትጠብቅ ሴት ናት፣ ሁለት ዋንጫ ደግሞ ከእሷ ጋር ያለው ፍቅር ነው። ታሪኩ ያለ ስፌት ይያያዛል፤ አደጋውም ይኸው መያያዙ ነው። አምስት ሥዕል ለማንም ቢሰጠው ታሪክ ያወጣለታል። የጥሩ ልብ ወለድ ምልክት የሆነው መገጣጠም እዚህ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። እነዚህኑ አምስት ካርታዎች ይዞ ባልየው ለልደቷ በምስጢር ስጦታ እያዘጋጀ ነው ብሎ መተረክም እኩል ይቻላል፤ እንዲያውም ሳንቲም እየቀረጸ በመሥራቱ ይበልጥ ይገጥማል። በሁለት ተቃራኒ ታሪኮች ላይ እኩል የሚገጥም ካርታ ለአንዳቸውም አልመሰከረም። ጠንቃቃ አንባቢ ይህን ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ ከመጨረሱ በፊት ተቃራኒውን ታሪክ ጮክ ብሎ ይተርካል፤ ጠያቂዋ ሁለቱም ሊሆኑ እንደሚችሉ በጆሯዋ ትሰማለች።

በቦታው ስም ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ያየችው ነገር ላይ የወደቀው የሥራ ካርታ ነው። ይህ ባልየው ሥራ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ «ሥራ ነው» የሚለውን መልስ ከወረቀቱ ላይ አንሥታ እንደገና እንድታየው ያደርጋል። ምን ሥራ? የትኛው ሥራ ነው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ የሚያመሽ? ሴትዮዋ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ሁለተኛው ቦታ፣ ማለትም እሷ የጨመረችው፣ ሰባት ሰይፍን ይዟል። እዚህ ላይ አንባቢው «በጣቱ እየረገጠ የሚሄደው ማን ይመስልሻል?» ብሎ መጠየቅና ዝም ማለት አለበት። በዚህ ምሳሌ መልሱ ያልታሰበ ነው። ሴትዮዋ ባለፈው ሳምንት ባሏ ሲተኛ ስልኩን በእጁ ጣት ከፍታ መልእክቶቹን አይታለች። አንዳችም አላገኘችም። በድብቅ ከድንኳኑ የወጣችው እሷ ናት፤ ከእሷም አምስቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱ ሰይፎች ተተክለው ቀርተዋል። የካርታው ሰው ፆታውም ስሙም አልተጻፈበትም። ከጠያቂዋ ውጭ ላለ ሰው ብቻ ይሰጥ የሚል ደንብ የለም።

ጨረቃ በፍርሃት ቦታ ላይ ስትወድቅ አትደንቅም። ፍርሃቷ ጨረቃን ይመስላል ማለት ብቻ ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን፣ ቅርጹ የማይለይ ነገር። አንባቢው እዚህ ላይ «ፍርሃትሽ ምንን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ክህደቱን አይደለም። አንዳንዷ የምትፈራው ትዳሩ ፈርሶ ልጅ ይዛ ወደ እናቷ ቤት መመለስን ነው፤ ሌላዋ ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ነው። ሊቀ ካህናቷ ባልተጠየቀው ነገር ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ያለው ጽሑፍ ተጠቅልሎ ስለሆነ ሙሉው አይነበብም። እዚህ ቦታ ላይ «ምስጢር የያዘች ሴት» ተብላ ብትነበብ ስሕተት ነው፤ የቦታው ስም ያልጠየቅሽው ነገር ነውና። ሁለት ዋንጫ ደግሞ በእርምጃ ቦታ ላይ ፊት ለፊት መነጋገርን ይጠቁማል። እንግዲህ ንባቡ ስለ ባልየው ምንም ሳይል ወደ አንድ ጥያቄ ደረሰ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ምን ሥራ ነው የምትሠራው? ብቻዬን ስጠብቅህ ጭንቀት ይይዘኛል።» ስልኩን መክፈቷን ትንገረው አትንገረው የሚለው ሌላ ውሳኔ ነው፤ ካርታው አይወስንላትም።

ካርታው ሲነበብ አንባቢው የሚጠቀምበት የግሥ ዓይነት ከካርታው ትርጉም ይልቅ ውጤት አለው። አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው። «ይደብቅሻል» በሚልና «የሚደብቅሽ ነገር ያለ ይመስልሻል» በሚል መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ስለ ባልየው ፍርድ ነው፣ ሁለተኛው ስለ እሷ ስሜት ነው፣ እሱንም አዎ ወይም አይደለም ማለት የምትችለው እሷው ናት። «ነው» የሚለው ቃል ለታየና ለተጻፈ ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ «ይመስላል» ለሥዕሉ፤ «ሊሆን ይችላል» ለግምት። ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ ገላጭ ንባቡ ሲያልቅ ሦስቱን እየለየ እንድትደግምለት ጠያቂዋን ይጠይቃታል። «ባሌ ይከዳኛል አልከኝ» ብላ ከደገመችው ንባቡ ከሽፏል፤ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢናገር የሰማችው ሌላ ነው። በዚያ ሰዓት ወረቀቱን አውጥቶ አራቱን ያየቻቸውን ነገሮች ማንበብ ነው። ክህደት የሚል ቃል ከአራቱ በአንዱም የለም።

ሰው ለምን ሌላ ነገር እንደሚሰማ ለማወቅ በ1948 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ ይረዳል። የሥነ ልቦና መምህሩ በርትራም ፎረር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመርመሪያ ፈተና ሰጥቶ ውጤቱን ለእያንዳንዳቸው በጽሑፍ አደላቸው። ተማሪዎቹ ጽሑፉ ጠባያቸውን ምን ያህል እንደገለጸ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ፤ አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የታደለው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ፎረር አብዛኛውን ያገኘው ከአንድ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ተማሪዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ስለ እነሱ የተጻፈ መስሏቸው ባዶውን ቦታ በራሳቸው ሕይወት ሞልተውት ነው። «ከአንቺ የሚደበቅ ነገር አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ነው። ባሏ የዕዳውን መጠን፣ የወንድሙን ሕመም፣ የቀጣይ ወር የሥራ ስንብት፣ ወይም የገዛላትን ሽቶ ደብቆባት ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት አብሮ የኖረ ባል ከሚስቱ ምንም የማይደብቅ ቢገኝ ነው የሚያስገርመው።

ስኒ ገልብጦ አተላ የሚያነብ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ጠያቂዋ ራሷ ለገላጩ ታስተምረዋለች። ፊቷ ይለዋወጣል፣ «እንዴት አወቅህ!» ትላለች፣ የቢሮ ጓደኛውን ስም ታነሣለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገላጩ ያንኑ ስም መልሶ በሌላ መልክ ሲያቀርበው ካርታው የተናገረ ይመስላታል። ይህን ለመከላከል ቀላል መንገድ አለ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አስቀድሞ መናገርና የሌላ ሰው ስም ጨርሶ አለማንሣት። ስም ከተነሣ ያ ሰው በጥርጣሬ ውስጥ ይገባል፤ የቢሮ ጓደኛውም ይሁን የእሷ እህት፣ ከዚያ ስሙን ማስወጣት አይቻልም።

አንዳንድ ጊዜ ጠያቂዋ ካርታ ፊት የምትቀመጠው ማስረጃ ከያዘች በኋላ ነው። መልእክቱን አንብባለች፣ ወይም ባልየው ራሱ ተናግሯል። እዚህ ላይ «ከዳኝ ወይ?» የሚል ጥያቄ የለም፤ ተመልሷል። ታማኝነቱን ለማየት ካርታ የሚዘረጋላት ገላጭ ከእውነታው ወደ ጥርጣሬ ይመልሳታል፤ ጥሩ ካርታ ከወጣ ደግሞ በዓይኗ ያየችውን እንድትክድ ያደርጋታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሻለው ካርታውን ማጠፍ ነው። የጤና ምርመራ ማድረግ፣ የጋራ ገንዘቡ የት እንዳለ ማወቅ፣ ከሕግ ባለሙያ ወይም ከሽማግሌ ጋር መመካከር ሁሉም ሥዕል የማይመልሳቸው ጉዳዮች ናቸው። በቤቱ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ደግሞ «ፊት ለፊት አነጋግሪው» የሚል ንባብ ራሱ አደጋ ነው፤ ሁለት ዋንጫ ቢወጣም ባይወጣም።

ሕግም በአንዳንድ አገር ይህን ልዩነት ያስቀምጣል። በኒው ዮርክ ግዛት የወንጀል ሕግ መሠረት ዕድል እነግራለሁ ብሎ ወይም እርግማን በመንፈሳዊ ኃይል እፈታለሁ ብሎ ገንዘብ መቀበል ወንጀል ነው፤ ለመዝናኛ ብቻ በሚደረግ ትርኢት ውስጥ ከሆነ ግን አያስቀጣም። ስለ ክህደት ንባብ የሚጠይቁ ሰዎች የሚታለሉበት የተለመደ መንገድም ይኸው ነው። ገላጩ መጀመሪያ «ሌላ ሴት አስነክታዋለች» ይላል፣ ቀጥሎ ማስፈቻው ዋጋ አለው። እርግጠኝነቱ የተሸጠው ለቀጣዩ ዕቃ መሸጫ ነው። በሌላ በኩል ያለው ገላጭ ንባቡ ሲያልቅ ወረቀቱን ለሴትዮዋ ይመልስላታል። አራቱ ያየቻቸው ነገሮች በቀኝ፣ በታች አንዱ ጥያቄ፣ ከላይ ቀኑ ተጽፎበታል። ከባሏ ጋር ከተነጋገረች በኋላ የምትጨምርበት አምስተኛ መስመር ባዶ ነው።